ከሞተችው ሐኪም የተደወለ ስልክ

ምራትየዋ ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች በመስኮቱ በኩል የአማቷን ድምፅ ሰማች። አማቷ ጠዋት ጠዋት ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ከጎረቤታቸው ጋር ይጨዋወታሉ። ጎረቤቲቱ የሰማችውን ሳታሳድር ስለምታሰራጭ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። «ያቺ ሐኪም ከሞተች ወዲህ ቤቱ ቤት አልመስል ብሎኛል» እያሉ ነበር አማቷ። «ልጅ ማለት እንደሷ ነው። ሰው ሲያዝን አብራ የምታዝን። እኔ ቤት ያለችው ግን…» ሬዲዮ ሳቀች። ሐኪሟ እኮ የተከታታይ ድራማ ሴት ናት፤ በዚያ ላይ በእኛ ቋንቋ የምትናገርበት ድምፅ የምራትዎ ነው ብላ አስታወሰቻቸው። አማቷ ግን የሚሸነፉ አልነበሩም። «ድምፁ የሷ ይሁን፤ አንጀቱ የዚያች ነው። ሐኪሟ አባቷን ስትቀብር ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ አገር ምድሩ ሰምቷል። የኔን ባል ስንቀብር ይቺ እንደ ግንብ ቆማ ነበር። ለባዕድ የተረፈ እንባ ለኛ አነሰ?»

ምራትየዋ ሳሙናው እጇ ላይ እንደደረቀ ቆመች። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ባሏ ከማለዳ እስከ ምሽት አውቶቡስ ሲነዳ፣ ሁለቱ ሴቶች አንዱን ጠባብ መተላለፊያ ተካፍለው ይውላሉ። አማቷ ከባላቸው ቀብር ወዲህ በቀጥታ አነጋግረዋት አያውቁም። ጨው ሲያልቅ «ጨው አልቋል» ብለው ለግድግዳው ይናገራሉ፤ በሩ ሳይዘጋ ሲቀር «ብርድ ገባ» ይሉና አየሩን ይከሳሉ። በመካከላቸው የነበረው ብቸኛ ድልድይ ድራማው ነበር። ምሽት ላይ ሐኪሟ መናገር ስትጀምር አማቷ ትራሱን ጠጋ አድርገው ለምራታቸውም ቦታ ይለቁላት ነበር፤ እንደ ሰጡ ሳይመስል፣ ወገባቸውን ያመማቸው መስለው። ከዚያ ሐኪሟ ሞተች። መኪናዋ ከድልድይ ላይ ወደ ወንዝ ገባ፤ የተገኘው አንድ ጫማዋ ብቻ ነው። ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሙሉ አዘነ፤ ባለ ሱቁም ምራትየዋን ሲያይ «ሟቿ መጣች፣ ነፍስ ይማር» እያለ ይቀልድ ጀመር። ስሙ ተጣብቆ ቀረ።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ድምፅ የሚቀዱት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ አንድ ሰው ሦስት አራት ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይሰጠዋል። ለምራትየዋ የተሰጣት የሐኪሟን ባል፣ ያን መርከበኛ፣ ልታገባ ያሰፈሰፈችው እጮኛ ነበረች። ክፉ ናት፤ ሳቋ ራሱ ሰው ይቆርጣል። አማቷ ያ ድምፅ ከዚያች አፍ ሲወጣ የሰሙ ለት ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉና፣ ለግድግዳው፣ «እውነተኛው አሁን ወጣ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ድራማው በዚያ ቤት ተከፍቶ አያውቅም።

ስልኳ የጮኸው ፊቷን ሳትጠርግ ነው። የደወለው የስቱዲዮው አርታኢ ነበር፤ ፊልም ሲቆርጥ ስለሚውል ሁሉም «መቀስ» ይለዋል። «ሟቿ፣ ከወንዙ ውጪ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐኪሟ አልሞተችም። አዲሱ ክፍል ትናንት ገባ፤ ዛሬ ማታ ነው የሚተላለፈው። ቶሎ ካልደረስሽ ግን ሌላ ሰው በአንቺ ቦታ ትነሳለች።» ምራትየዋ ጫማዋን በደረጃው ላይ እየተጫማች ወረደች። ታክሲ ውስጥ ልቧ እንደ ከበሮ ሲመታ ለራሷም ገረማት፤ በወረቀት ላይ ለተፈጠረች ሴት፣ ባሕር ማዶ ለተጻፈች ሴት፣ እንዲህ ደስ ይበላት? ግን ደስ ብሏታል። ከጎኗ የተቀመጡት ሰውዬ ምን አገኘሽ ልጄ እስኪሏት ድረስ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ስቱዲዮው ፎቅ ላይ ያለ፣ ቀድሞ የልብስ ስፌት የነበረ ቤት ነው። የመቅጃዋ ክፍል ግድግዳ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ በሩ ሲዘጋ የመንገዱ ጩኸት በአንድ ጊዜ ይጠፋና የራስህ ትንፋሽ ይሰማሃል። ስትደርስ ኃላፊው፣ መቀስና አንዲት አዲስ ወጣት ተቀምጠው ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ያዳምጣሉ። ወጣቷ ከማለዳ ጀምራ ሐኪሟን ስትቀዳ ቆይታለች። ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ፣ ንጹሕ። ምራትየዋን ስታይ አንገቷን ደፋች፤ ማንም አልነገረኝም ለማለት ያህል።

ኃላፊው ነገሩን እንደ ሒሳብ አስረዱ። እጮኛዋ በክፍሉ ውስጥ ገና ብዙ የምትናገረው አላት፤ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ዛሬ በስልክ ይነጋገራሉ። የመርከበኛው የሠርግ ዋዜማ ነው፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ስልክ ይጮኻል፣ የምታነሳው እጮኛዋ ናት፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሐኪሟ። አንዲት ሴት ከራሷ ጋር ስትነጋገር ተመልካች ምን ይላል? ስለዚህ ምራትየዋ እጮኛዋን ይዛ ትቀጥል፣ ሐኪሟ አዲስ ድምፅ ታግኝ። «ደግሞ» አሉ ኃላፊው፣ በቅንነት፣ «የማዝነው ለአንቺ ነው። ሐኪሟን ብትመርጪ በምን ዋስትና? የመጣችው ሴትዮ መቼ እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም።»

ይህን ያሉት የሚያውቁት ነገር ስላለ ነው። የሐኪሟን ገጸ ባሕርይ የምትሠራው የባሕር ማዶ ተዋናይት ሌላ ፊልም ተሰጥቷት ልሂድ ስትል ነበር ደራሲዎቹ መኪናዋን ወንዝ የከተቱት። እዚያ ድራማው ተጽፎ አልቆ አይደለም የሚቀረጸው፤ እየተላለፈ ነው የሚጻፈው፣ ደራሲዎቹ ከስርጭቱ የሚቀድሙት በጥቂት ሳምንት ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ማግስት ስንት ሰው እንዳየ ቁጥሩ ይደርሳቸዋል። ሐኪሟ ከሞተች በኋላ ቁጥሩ ወረደ፤ አዲስ ሴት አመጡ፣ አልተወደደችም። አዲስ ሰው ለማስወደድ ብዙ ወር ይፈጃል፤ የሞተ ሰው ግን ፍቅሩን ቀድሞ አከማችቶ ስለሚመጣ በአንድ ምሽት ይሠራል። ፊልሙን ጨርሳ የነበረችውን ተዋናይት ለመኗት፣ ተስማማች። የተስማማችው ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ግን እዚያም ገና አልተጻፈም። በሚቀጥለው ወር ዳግም ልትገደል ትችላለች።

«ቀድሞውኑ ገብቶኝ ነበር» አለ መቀስ። «ሬሳ ያልታየበት ሞት ሞት አይደለም፣ የዓመት ፈቃድ ነው። ሊመልሷት ባያስቡ ኖሮ ሣጥኑን ከፍተው ፊቷን ያሳዩን ነበር። ጫማ ብቻ ያሳዩት በሩን ገርበብ አድርገው ለመተው ነው።»

ምራትየዋ ውሃ ጠጣች። ወጣቷ የቀዳችውን እንዲያሰሟት ጠየቀች። ስልኩ ጮኸ፤ እጮኛዋ፣ ድምፅዋ ገና ስላልተቀዳ በከንፈሯ ብቻ፣ ማን ልበል አለች፤ ከዚያ ወጣቷ፣ «እባክሽ እሱን ስጪኝ» አለች። ጥሩ ብላዋለች። ጥሩ ግን የማይታወቅ። ምራትየዋ መቀስን ምስሉን መልሶ እንዲያሳያት ለመነችው፤ ሐኪሟ ስትናገር ፊቷ ይታያል ወይ? አይታይም። የሚታየው የእጮኛዋ ፊት ነው፣ ጆሮዋ ላይ ስልክ ይዛ። የሐኪሟ ፊት የሚመጣው ዘግየት ብሎ፣ ሆስፒታል መተላለፊያ ውስጥ ነው።

መቀስ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ይህ የእሱ ግዛት ነው። እዚያ ድራማው በሳምንት አንዴ ነው፣ አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት ይበልጣል፤ እዚህ ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ። የነሱ አንድ ክፍል እኛ ጋር ሲደርስ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ከሦስቱ መጨረሻዎች አንዱን ደራሲዎቹ ጽፈውታል፣ ሁለቱን የሚፈጥረው መቀስ ነው። የስልኩ ጥሪ በባሕር ማዶው ላይ መጨረሻ አይደለም፣ ተራ መካከል ነው፤ ስልኩ ይነሳል፣ ፊቷ ይታያል፣ ታሪኩ ሳይቆም ይሄዳል። እሱ ግን እዚህ ላይ ሊቆርጠው አስቧል። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ድራማው የለም። የሌላው መጨረሻ አንድ ቀን ቢሸከም ይበቃዋል፣ የዓርብ ግን ሁለት ቀን መሸከም አለበት። ሰኞ ሰው ካልተመለሰ ከመጀመሪያው ማስታወቂያ በፊት ጣቢያው ያውቀዋል።

«ሰው ምንም ካላወቀ አይጓጓም፣ ይሰለቻል» አለ መቀስ። «ሁሉን ካወቀ ደግሞ ይተኛል። አንዱን ሰጥቼው ሌላውን ነው የምነሳው። ማን እንደደወለ ይወቅ፤ እንዴት እንደተረፈች፣ የት እንደሆነች፣ መርከበኛው ምን እንደሚል አይወቅ። ድምፅዋ ከተሰማ በኋላ ፊቷ ከመታየቱ በፊት እቆርጣለሁ።»

ምራትየዋ የምትለውን አገኘች። «እንግዲያው» አለች ለኃላፊው፣ «ፊት የለም። ሰው ሐኪሟን የሚያውቃት በድምፅዋ ብቻ ነው። ይቺ እህቴ ብትናገረው፣ ከሙታን የተመለሰ ሰው የለም፤ የተሳሳተ ቁጥር ነው።»

መቀስ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። ወጣቷም ሳቀች፤ ኃላፊው ግን ግንባራቸውን እያሹ ጠየቁ። እጮኛዋስ? ለሦስት ወር በአንድ ድምፅ ስትናገር የቆየች ሴት በሠርጓ ዋዜማ ድምፅዋ ሲለወጥ ሰው አይጮህም? ምራትየዋ ይጮሃል አለች፣ ሁለት ሦስት ሰው ይደውላል። ግን የለወጥነው በዚያ ቅጽበት ከሆነ፣ ሴትየዋ ደንግጣለች፣ ትንፋሿ ተቆርጧል፣ ጆሮ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነው። ለድንጋጤዋ ይተውላታል። ሰኞ ደግሞ ሰዉ የሚያወራው ስለሌላ ነው። እጮኛዋን ለወጣቷ ስጧት፤ ክፉ ሰው መሥራት ለድምፅ ጥሩ ትምህርት ነው። ኃላፊው አዩዋት። እጮኛዋ ብዙ የምትናገር፣ የማትሞት፣ የእርግጥ እንጀራ ናት፤ ሐኪሟ የወር እንግዳ ልትሆን ትችላለች። «አውቀሽ ነው?» አሏት። አውቄ ነው አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ቢጠይቋትም መስኮትና ሳሙና ብላ አትመልስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነበር። ወጣቷ የእጮኛዋን ንግግር እያላባት ሦስት ጊዜ ቀዳች፤ ምራትየዋ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና፣ ክፉዋ ሴት የምትስቀው ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከጥርሷ መሆኑን በእጅዋ ምልክት አሳየቻት። ያ የገባት ጊዜ ወጣቷ ሁሉንም አስደነገጠች። ተራው የምራትየዋ ሲሆን ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ የራስ ማዳመጫውን አደረገች። የሐኪሟ የስልክ ድምፅ ከሩቅ እንዲመስል መቀስ በኋላ ያቀጥነዋል፤ የሷ ሥራ መተንፈሱ ነው። ከባሕር ማዶ የሚላከው ድምፅ ሙዚቃውን፣ የበር ድምፁንና የእግር ኮቴውን ብቻ ይዟል፤ ንግግሩም፣ ትንፋሹም፣ እንባውም እዚህ ነው የሚፈጠረው። «እባክሽ እሱን ስጪኝ» አለች። ትንፋሽ ሳበች። «እኔ ነኝ በይው።» ስትወጣ መቀስ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጦ ነበር፤ ክንዱን አሳያት፣ ጠጉሩ ቆሟል። ኃላፊውም የሚመጣው እስኪታወቅ ለማንም፣ ለባልሽም ቢሆን፣ እንዳትናገሪ ብለው ቃል አስገቧት።

ቤት ስትደርስ ምሽት ሆኖ ነበር፤ የሳሎኑ ሁኔታ ግን እንግዳ ሆነባት። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ጣቢያው ከቀትር ጀምሮ ስልክ ሲጮህ ብቻ እያሳየ «ማን ነው?» እያለ ሲያስተዋውቅ ስለዋለ፣ ሬዲዮ አማቷን በግድ ማለት ይቻላል አስቀምጣቸዋለች። አማቷ ጀርባቸውን ወደ በሩ ሰጥተው፣ ለሬዲዮ ደስ እንዲላት ብቻ እንደሚያዩ ሁሉ፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው ተቀምጠዋል። ምራትየዋ በሩ ጋ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ድራማው ተጀመረ። ከማስታወቂያው በፊት መርከበኛው የሠርግ ልብሱን ለብሶ የቀድሞ ሚስቱን ፎቶ ወደ መሳቢያ ሲከት አሳዩ፤ አማቷ «ያጥፋህ» አሉ። ከማስታወቂያው በኋላ እንግዶች፣ ሙዚቃ፣ የእጮኛዋ ሳቅ። ሬዲዮ ይቺ ሴትዮ ድምፅዋን ጉንፋን ያዘው እንዴ አለች። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

«እባክሽ እሱን ስጪኝ። እኔ ነኝ በይው።»

አማቷ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ምስሉ በእጮኛዋ የተከፈተ አፍ ላይ ቆመ፣ ሙዚቃው ገባ፣ የሠራተኞቹ ዝርዝር መሮጥ ጀመረ። ሬዲዮ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ እኔ እኮ ብያለሁ፣ ጫማ ብቻ ብያለሁ እያለች፣ ለሰፈሩ ልታዳርስ ነጠላ ጫማዋን ለዋውጣ አድርጋ ወጣች። አማቷ ግን ቆመው ቀሩ። ሰኞ ሩቅ ነው። ምላሹን የምታውቅ ሰው ደግሞ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ለግድግዳው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግድግዳው ግን ድራማውን አያውቅም። ተመልሰው ዞሩ።

«አንቺ» አሉ። ቀጥ ብለው እያዩዋት። «እንዴት ተረፈች?»

ምራትየዋ ይህን «አንቺ» ስንት ጊዜ ጠብቃው ነበር። መናገር እንደማትችል፣ ቃል እንዳስገቧት ነገረቻቸው። አማቷ ተናደዱ፣ ከዚያ አግባቧት፣ ከዚያ እንደ ልጅ ትንሽዬ ፍንጭ ለመኑ። ቢያንስ ሴትየዋ ለምን እንደሞተች ልንገርዎ ብላ፣ ስለ ባሕር ማዶዋ ተዋናይትና ስለ ፊልሙ፣ ስለ ተመልካቹ ቁጥር፣ ስለ ጫማው አጫወተቻቸው። በነሱ ሥራ ሬሳው ካልታየ ሰው አይሞትም አለች። አማቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«የኔን ባል ግን አሳይተውኛል» አሉ። «ፊቱን ገልጠው።»

ቴሌቪዥኑ የሳሙና ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። ምራትየዋ ተነስታ አጠፋችው። ከዚያ፣ ቆማ፣ እጇ ገና ማጥፊያው ላይ እንዳለ፣ ነገሩን ነገረቻቸው። በቀብሩ ቀን አፏን ከፍታ ነበር፤ ድምፅ አልወጣም። ሌላ ሰው ሲሆን የምታለቅሰው እሷ፣ የራሷ ሲሆን ጉሮሮዋ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ እናቷ ስትሞትም እንዲሁ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሐኪሟ አባቷን የምትቀብርበት ትዕይንት መጣ። ማዳመጫውን እንዳደረገች የሬሳ ሣጥኑን አየችው፤ መናገር የነበረባት ሁለት ቃል ነው። ሁለቱን ቃል ብላ ማቆም አቃታት። ምስሉ አልቆ ሌላ ትዕይንት ገብቶ እሷ ታለቅስ ነበር። መቀስ ሳይቆርጥ ያስተላለፈው ያንን ነው።

የአማቷ እጅ ቀሚሳቸው ላይ ያልነበረ ክር ይለቅም ነበር።

«የዚያን ለት ማንን ነበር ያለቀስሽው?»

«አባባን ነው እንጂ፣ እማማ። ያንን ሽማግሌ መቼ አውቄው።»

አማቷ በእጃቸው ከጎናቸው ያለውን ትራስ ገፋ አደረጉት። ወገባቸውን ያመማቸው አላስመሰሉም። ምራትየዋ ሄዳ ተቀመጠች፤ ያኔ ድምፅዋ መጣ፣ ሳታፍር፣ ሳትቆጥበው። አማቷም ራሷን ደረታቸው ላይ አድርገው ጸጉሯን እያሻሹ፣ አይዞሽ ከማለት ይልቅ፣ አልቅሺለት፣ ይሰማሻል፣ ይወድሽ ነበር አሏት።

ሬዲዮ ሰፈሩን አዳርሳ ተመለሰችና ከመስኮቱ ውጭ ተጣራች። ባለ ሱቁም፣ የላይኞቹም፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፤ እትዬ፣ ነገረችዎት ወይ? አማቷ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ወደ መስኮቱ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ምራቴ ሁሉንም አንድ በአንድ ነግራኛለች» አሉ። «ግን አደራ ብላኛለችና፣ ብትሞቺ አልናገርም።»